ሻምበልን እንቅልፍ የወሰደው ቀን

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ እቴቴ ይላታል። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ አልጋ ቤት አላት። እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ትተኩሳለች፣ ታነጥፋለች፣ ታዛለች። ማዘዙ ይበዛል።

እንግዶቻችን ሌሊቱን ሲነዱ አድረው ጠዋት የሚገቡ ሾፌሮች ናቸው። ሌላው ሰው ከሙቀት ሸሽቶ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት እነሱ በር ዘግተው መተኛት አለባቸው። ከተማችን ደግሞ ውሃ ዳር ናት። አየሩ እርጥብ ነው፣ ላብ አይደርቅልህም፣ መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩም አብሮ ይሞታል። አልጋው ካላስተኛቸው ማታ መሪ ላይ ያንቀላፋሉ፤ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ዝናቡ በገባ ጊዜ አሮጌዎቹ ወፍራም የጥጥ አንሶላዎች አልደርቅ አሉን። ገመድ ላይ ይውላሉ፣ ያድራሉ፣ ሲወርዱ የረጠበ ጆንያ ይሸታሉ። እቴቴ ትዕግስቷ አለቀና ሁሉንም አንስታ ፖሊስተር ገዛች። ፖሊስተሩ ያንፀባርቃል፣ አይጨማደድም፣ ሰቅዬው ዞር ከማለቴ ይደርቃል። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ክንዴ አርፏል።

ደስታዬ ግን ዕድሜ አላገኘም። ሾፌሮቹ ዓይናቸው ቀልቶ ይነሱ ጀመር። አንዱ ፌስታል ውስጥ ተጠቅልዬ ዋልኩ አለ። እውነቱን ነው፤ ፖሊስተር ላብ አይጠጣም፣ ከጀርባህ ላይ ትቶልህ እሱ ይለጠፍብሃል። ብታጥበውም የሰውነት ቅባት ስለሚይዝ ሽታው ቶሎ ይመለሳል።

ከዚያ ሻምበል መጣ። ሻምበል የሾፌሮቹ አለቃ ነው፤ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ አካሄዱ ነው ስሙን ያወጣለት። ከልጆቹ አንዱ ሌሊት መሪ ላይ አሸልቦ በረዳቱ ጩኸት እንደነቃ ነገረን። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እቴቴ፣ ቤትሽን እንወደዋለን። ልጆቼ ካልተኙ ግን ቅዳሜ ሻንጣቸውን አስጭናለሁ» አላት።

ሾፌሮቹ ከሄዱ ቤቱ ይዘጋል፤ ለሌላ እንግዳ የሚሆን ቦታም አይደለም፣ ማንም ለሽርሽር መናኸሪያ ጀርባ አይመጣም። እቴቴ ወደ ጓዳ ገብታ ነጠላ ጫማዋን ቀይራ ወጣችና «ተነሽ፣ ገበያ» አለችኝ።

የጨርቅ ነጋዴው ምላሱ ቅቤ ነው። ያቀረበልንን ሁሉ ንጹህ ጥጥ ነው እያለ ማለ። እቴቴ ከጠርዙ አንድ ክር መዘዘችና ክብሪት ጫረች። ግማሹ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ሆነ፣ ግማሹ ቀልጦ ጠጠር የመሰለ ጥቁር ነገር ጫፉ ላይ ቀረ። ነጋዴውን ቀና ብላ አየችው። ከፖሊስተር ጋር ቅልቅል ነው፣ ያው ነው፣ ልዩነት የለውም አለ። እኔ አፌ አያርፍም፤ ያው ከሆነ ለምን ማልክ አልኩት።

እሷ ግን ቅልቅሉን አልናቀችውም። ከጥጥ ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙም አይጨማደድም፤ ላብ መጠጣቱ ላይ ነው ከጥጥ የሚያንሰው። ስለዚህ ከላይ ለሚደረበው ይሁን አለች፤ በሙቀት ማንም እስከ አንገቱ አይከናነበውም። ከሥር ለሚነጠፈውና ለትራሱ፣ ገላ ለሚተኛበት ማለት ነው፣ ንጹህ ጥጥ አስወጣች። ወፍራሙንና የሚያብለጨልጨውን ገፍታ ሳሳ ያለውን፣ ብርሃን ላይ ሲያዙት ድርና ማጉ የሚታየውን መረጠች። ስስ ከሆነ አየር ያሳልፋል፣ በእርጥብ አየርም ከወፍራሙ ቀድሞ ይደርቃል። ቤት ስንመለስ ፖሊስተሩን ቀድዳ መጋረጃ አደረገችው።

ድል አደረግን ብዬ ነበር። በማግስቱ ሾፌሮቹ ተነሱ፣ ዓይናቸው ያው ቀይ ነው። ይቆረቁራል፣ ያልባል፣ ምንም አልተለወጠም አሉ። እቴቴ ደርቃ ቀረች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳዝናኝ አታውቅም።

ነገሩን የያዘችው ካውያ ላይ ሆና ነው። ልትተኩስ አዲሱ አንሶላ ላይ ውሃ ስትረጭ ጠብታው አልገባም። ክብ ሆኖ ተቀምጦ ያያታል። በጣቷ ገፋ አደረገችው፣ ተንከባለለ። ከዚያ የእኔን አልጋ አሮጌ አንሶላ ገፍፋ አመጣችና ላዩ ላይ ረጨች። እኔ ለራሴ አንሶላ ስታርች፣ ያን ጨርቅ የሚያቆመውን የዱቄት ሙጫ፣ የማደርግ ሴት አይደለሁም፣ ማን ሊያይልኝ። ጠብታው እንደወደቀ ተመጠጠ።

የእቴቴ ኩራት ስታርች ነው። አንሶላዋ ሲታጠፍ እንደ ካርቶን ይቆማል፣ አልጋዋ ላይ አንዲት ጭምድድ አይገኝም፣ ሙያዋ የሚወራው በዚያ ነው። አዲሱን ጨርቅ ፋብሪካ የቀባውን ሙጫ እንኳ ሳታስለቅቅ፣ አዲስነቱ እንዲታይ ብላ፣ ከላዩ ስታርቿን ደርባበት አንጥፋዋለች። ጥጡ አፉን ተለጉሞ በምን ላብ ይጠጣ።

«ስታርቹን ድፊው» አለችኝ።

እርግጠኛ ነሽ ወይ አልኳት።

«ድፊው አልኩሽ። ጭምድዱን አይቶ ሰው ቢስቅብኝ ይሳቅ።»

ደፋሁት። አንሶላዎቹን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመን አጠብን፣ በደንብ አለቀለቅን፣ ማለስለሻ የሚባለውንም ከለከለችኝ፤ እሱም ጨርቁን ይቀባዋል። በረንዳው ጣሪያ ሥር ገመዱን አራርቀን ሳናጣጥፍ ዘርግተን ሰቀልን። እያንዳንዱን ስታወርድ ውሃ ጠብ እያደረገች ትፈትነዋለች። እጄ ተላጧል፣ ግን ጠብታው በገባ ቁጥር እንደ ሕፃን እንስቅ ነበር።

ቅዳሜ ሻምበል መጣ። ልጆቹን ሻንጣ እንዲያዘጋጁ አዘዘ፣ የሚጭነው መኪና ይመጣል ተባለ። መብራት ጠፍቷል፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል። እቴቴ በሩ ላይ ቆመች። ሌሊቱን እሱም ሲነዳ አድሯል፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«መኪናው እስኪመጣ ጋደም በል። ካልተመቸህ ሻንጣውን እኔው ራሴ ተሸክሜ አወጣልሃለሁ» አለችው።

ይሉኝታ ያዘው መሰለኝ፣ ገባ። ጫማውን አወለቀ። የተጨማደደውን አንሶላ ሲያይ እቴቴን ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ፊቷ ቢቀላም አልተንቀሳቀሰችም። ጋደም አለ።

መኪናው መጣ። ጥሩምባ ነፋ። ሻምበል የለም። እንደገና ነፋ። ሾፌሮቹ በመስኮቱ አጮልቀው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሰውዬው በጀርባው ተዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ግድግዳው እስኪነቃነቅ ያንኮራፋል። የመኪናው ሾፌር ጠብቆ ጠብቆ ተሳድቦ ሄደ። ሻንጣ የታቀፉት ልጆች ቆመው ምን ይሁኑ፣ አንድ በአንድ ወደየክፍላቸው ገብተው እነሱም ተኙ። ቤቱ በሙሉ ማንኮራፋት ብቻ ሆነ። እቴቴ ኮሪደሩ ላይ በባዶ እግሯ ወዲያ ወዲህ እያለች ማንም እንዳይስል እኔን ትቆጣለች፤ እኔ አልሳልኩም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሻምበል ወጣ። ሸሚዙ ደረቅ ነው። የአንሶላው ጭምድድ ጉንጩ ላይ ከላይ እስከ ታች ታትሟል። ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ እህቴን አየ።

«እቴቴ፣ እኔ ቀን እንዲህ ተኝቼ አላውቅም» አለ።

እሷም እንደ ንግሥት ቆማ በእጇ ጉንጩን አመለከተችውና መስተዋቱ ከበሩ ጀርባ እንዳለ ነገረችው። ያን ማታ አውቶቡሶቹ ሲወጡ ሻንጣዎቹ ሁሉ ክፍሎቻችን ውስጥ ነበሩ።