ሁለተኛው ፖርት

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር። ዘመሮ ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ የእሱ ቤትና የእኔ ሱቅ በአንድ ግድግዳ ይገናኙ ነበር። እኔ ቻርጀር፣ ገመድ፣ የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ፤ እሱ የተማሪ ዩኒፎርምና የገበሬ ሱሪ ይሰፋል። የስፌት መኪናው ድምፅ በግድግዳው በኩል ስለሚሰማኝ ሲሠራም ሲያርፍም አውቃለሁ። ታናሼ ነው፤ ጢም ካወጣም በኋላ «እታለም» ከማለት በቀር በሌላ ጠርቶኝ አያውቅም።

ገብስ ሊያስፈጭ ወፍጮ ቤት ገብቶ ሳለ ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ግራ እጁን ያዘው። አጥንቱ ተጠገነ፤ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቹ ግን እንደተቆለመሙ ቀሩ። ሆስፒታል እጁን የምታሠራው ባለሙያ «አታሳርፈው፤ ባሳረፍከው ቁጥር ይደርቃል» ብላው ነበር። ጌም ቤት መሄድ የጀመረው በዚያ ምክንያት ነው። ከአደባባዩ ማዶ ያለው ጌም ቤት ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው በቴሌቪዥን የኳስ ጌም ይጫወታሉ። ጆይስቲኩን ይዞ በግራ አውራ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ያለውን ተጫዋች ይነዳል፣ በቀኙ ይመታል። መጀመሪያ ሁሉም እየተሳቀቁ አስቀመጡት። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ ግን የሚያሸንፈው ጠፋ።

ይህን ይቅር አላሉትም። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። እሱም ዝም ብሎ የሚያሸንፍ ሰው አልነበረም፤ ጎል ባገባ ቁጥር የተቆለመሙትን ጣቶቹን ብድግ አድርጎ ያሳያቸዋል። ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ከጥምቀት በኋላ የጌም ቤቱ ባለቤት ትልቅ ቴሌቪዥን አመጣ። አሮጌው ትንሽ ነበር፤ ይኼኛው ግድግዳውን ይሞላዋል። ወንድሜ በደስታ ሄዶ ተሸንፎ መጣ። በማግስቱም ተሸነፈ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«እጄ ዘገየ፣ እታለም። ኳሱ መጥቶ ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው።»

«ቴሌቪዥኑ አዲስ ስለሆነ ይሆናል።»

«ሌሎቹስ? ሌሎቹ ደህና ይጫወታሉ።»

እውነቱን ነበር፤ ሌሎቹ ደህና ይጫወቱ ነበር። ሲጫወት ከኋላው ቆመው «ቀስ በል፣ ነርቩ እንዳይበጠስ» ይሉታል። አንዱ «የሞተች እጅ» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ከጌም ቤቱ ወጥቶ ገበያ ገባ። ድንች የምትሸጥ ሴት እንኳ በዚያ ስም ስትጠራው ሰምቻለሁ፤ በክፋት አይደለም፣ ስሙ መስሏት ነው።

እሱ ደግሞ መሄዱን አልተወም። እጁን የሚለካበት ቦታ ያ ብቻ ሆነበት። ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ አውራ ጣቱን እያጠፈ እየዘረጋ ያየዋል። እናታችን ጠበል ወሰዱት። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል፤ ሰባቱንም ቀን ተጠመቀ። ከጠበሉ መልስ መጀመሪያ የሄደው ጌም ቤት ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ከምንጊዜውም የባሰ ተሸነፈ።

በዚያው ሰሞን የሰንበት ተማሪዎች ለበዓል የሚለብሱትን ቀሚስ እንዲሰፋ ታዞ ጨርቁ ተቆልሎ ነበር። በግራ እጁ ጨርቁን እየመራ መስፋት ነው ሥራው። አንድ ቀን የመኪናው ድምፅ ቆመ። ብገባ ጨርቁን እያጠፈ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ልመልስላቸው ነው። የቤተ ክርስቲያን ልብስ አበላሽቼ ምን እላለሁ?»

«አንዱንስ አበላሽተሃል?»

«ገና አላበላሸሁም» አለኝ። «መዘግየቱ እየባሰ ነው። ጌሙ ላይ ዛሬ የታየው ነገ መርፌው ላይ ይመጣል።»

ለመንኩት። እናታችን አለቀሱ። እሱ ግን አልሰማንም። ጨርቁን መለሰ፤ ቀጥሎም የስፌት መኪናውን ለአንድ የደብረ ብርሃን ነጋዴ ሸጠ። መኪናውን ባጃጅ ላይ ሲጭኑት ጌም ቤቱ በር ላይ የቆሙት ሰዎች እያዩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው አብሬው ጌም ቤት የገባሁት። እኔ ጨዋታ አላውቅም፤ ሁሉም ስክሪኑን ሲያይ እኔ የወንድሜን እጅ አየሁ። አውራ ጣቱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ እኔ ቀና ስል ተጫዋቹ ገና መዞሩ ነው። ደግሜ አየሁ። ጣቱ ይቀድማል፣ ስዕሉ ይከተላል። ከጎኑ የተቀመጠው ተጋጣሚ ደግሞ ኳሱ ሳይደርስ አስቀድሞ ነበር የሚጫነው፤ መዘግየቱን ለምዶ ይጠብቀዋል። ወንድሜ ግን ያየውን አይቶ የሚመልስ ተጫዋች ነው፤ በሚያየው ላይ ተማምኖ ነው የሚሸነፈው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጌም ቤቱ ባዶ ሳለ፣ ሄድኩ። የባለቤቱ ሚስት ወለል እየጠረገች ነበር። ገመድ ልፈትሽ ነው አልኳት፤ ገመዱን ከእኔ ነው የሚገዙት። ስልኬን ጆይስቲኩና ስክሪኑ አንድ ላይ እንዲታዩ አድርጌ አቆምኩና በቀስታ በሚያሳየው ካሜራ ቀዳሁ። ጣቴ ሲጫንና ተጫዋቹ ሲነቃነቅ እምብዛም ልዩነት የለም። ግራ ገባኝ። ትናንት ያየሁት አልነበረም።

«ዛሬ ደህና ነው» አልኳት።

«አንደኛው ፖርት ላይ ስለሆነ ነዋ» አለችኝ፣ መጥረጊያዋን ሳታስቀምጥ። «ወንድምሽ አደባባዩን ሲያቋርጥ ሲያዩት ነው ወደ ሁለተኛው የሚቀይሩት።»

«ለምን?»

ቀና ብላ አየችኝ። የማላውቅ መሆኔ ገና ያን ጊዜ ነው የገባት። «ለሳቅ» አለች ቀስ ብላ። «ሁሉም ያውቃል ብዬ እኮ ነው።»

ገመዱን ነቅዬ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሁለተኛው መሰኪያ ላይ ሰካሁና እንደገና ቀዳሁ። በቪዲዮው ውስጥ ጣቴ ተጭኖ፣ ተነስቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ተጫዋቹ የሚዞረው። የሰከንድ አንድ አስረኛ ገደማ ቢሆን ነው፤ ኳስ ለመንጠቅ ግን ያ ሙሉ ዕድሜ ነው።

በሪሞቱ ሜኑውን ከፈትኩ። ቴሌቪዥኑ ለእያንዳንዱ ፖርት የራሱን የስዕል ምርጫ ይይዛል። አንደኛው «ጌም ሞድ» ይላል፤ ሁለተኛው «ሲኒማ»። ሲኒማ ላይ ሲሆን ቴሌቪዥኑ ጌሙን ከሚያጫውተው ከኮንሶሉ የመጣለትን ስዕል ወዲያው አያወጣም፤ ያዝ አድርጎ ያጠራዋል፣ ቀለሙን ያስተካክላል፣ እንቅስቃሴው እንዲለሰልስ በሁለት ስዕሎች መሀል የራሱን ስዕል ፈጥሮ ያስገባል። ያን ለመፍጠር ደግሞ ቀጣዩ እስኪመጣ መጠበቅ አለበት። ፊልም የሚያይ ሰው ይህ አይታወቀውም፣ የሚጫነው ነገር የለምና። ለሚጫወት ግን ጥበቃው ሁሉ እጁ ላይ ነው የሚቆጠረው። ጌም ሞድ ያን ሁሉ ማሳመር ይተውና ስዕሉን እንደመጣ ይለቃል።

ቴሌቪዥኑን ሲገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ 120 የሚል ተጽፎ ነበር፤ ባለቤቱም «በሰከንድ መቶ ሃያ ጊዜ ስዕል ይቀይራል፣ ሊዘገይ አይችልም» እያለ ይፎክር ነበር። የኮንሶሉን ሜኑ ከፍቼ አየሁ፤ ቴሌቪዥኑ የሚቀበለው ስድሳ ብቻ መሆኑን ይናገራል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር እነዚያን የተፈጠሩ መሀል ስዕሎች ቆጥሮ ነው። ለነገሩ ስድሳው በቂ ነበር። ጥፋቱ የሰው ነበር።

ሚስትየዋ የቀረውን ነገረችኝ። ቴሌቪዥኑ በመጣ ሰሞን ለሁሉም ይዘገይ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣ ተማሪ አንደኛውን ፖርት አስተካከለላቸው። ያን ቀን ወንድሜ አልነበረም። ሲመጣ ገመዱ በአጋጣሚ ሁለተኛው ላይ ተሰክቶ ተሸነፈና ሳቁ። ከዚያ በኋላ አጋጣሚ አልነበረም። ተራ ገብተው ሁለተኛው ላይ ይለማመዱ ነበር፣ እሱን ለመግጠም።

ቪዲዮዎቹን ለወንድሜ አሳየሁት። መጀመሪያ አላመነም። ደጋግሞ አየ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ እጁ ደህና ነው እኮ። ስልኩን መለሰልኝና «ስንት ሰው ያውቅ ነበር?» አለኝ።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

«ጠበል ስሄድም ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«መኪናዬን ስጭንም?»

«አዎ፣ ወንድሜ።»

ተነስቶ ወጣ፤ ተከተልኩት። ጌም ቤቱ ሞልቶ ነበር። ባለቤቱ እንዳየን ፈገግ ብሎ ተነሳ፤ ሚስቱ ነግራው ነበር መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለ። «እኛ መች መኪናህን ሽጥ አልንህ?»

«ዝም ብለህ አንደኛው ላይ አድርግልኝ» አለው ወንድሜ።

ቀየሩለት። ያ አስቀድሞ መጫን የለመደው ተጋጣሚ አጠገቡ ተቀመጠ። ወንድሜ ገና ከመጀመሩ ኳሱን ነጠቀው። ተጋጣሚው አሁን ቸኩሎ እየተጫነ ተጫዋቾቹ ባዶ ሜዳ ላይ ይንሸራተቱ ነበር። አንድ ጎል፣ ቀጥሎ ሌላ። ወንድሜ ጣቶቹን አላነሳም። ከኋላው የሚቀልድበት ጠፋ። ተፀፀቱ ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ከኋላ አንዱ «እነሆ፣ የሞተችው እጅ ተነሳች!» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ባለቤቱም ሳቀ። ከሁሉም የባሰው እኔም አፌ ሊስቅ ከጅሎ ነበር፤ እንዲያ ነው ሳቅ ሰው በሞላበት ቤት ውስጥ። ወንድሜ ጆይስቲኩን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ጨዋታው አላለቀም ነበር፤ ተጫዋቹ ኳስ እግሩ ሥር አድርጎ ቆመ፤ ተጋጣሚው ወዲያው ነጠቀና አገባ። ስንወጣ ለዚያ ጎል ሲጮኹ ሰማን።

የደብረ ብርሃኑ ነጋዴ የስፌት መኪናውን ለሌላ አሳልፎ ሸጦት ነበር። ቀሚሶቹን ሌላ ሰፊ ሰፋቸው። ወንድሜ ደብረ ብርሃን ወርዶ የቢራ ገብስ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይሰፋል፤ በወፍራም መርፌና በሲባጎ። እናታችን ስልክ ደውለው ና ቢሉት «እዚያ የሚያውቀኝ ሰው ብዙ ነው» ይላቸዋል። እሳቸው የሚያውቁት ሰዎች ናፍቀውት ይመስላቸዋል። እኔ አላስረዳኋቸውም።

የእሱን ቤት አሁን ፀጉር አስተካካይ ተከራይቶታል። ባለፈው ሳምንት የጌም ቤቱ ባለቤት ሱቄ ድረስ መጣ። በርኖሱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሰላምታውን አብዝቶ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቀኝ።

«ሁለተኛ ቴሌቪዥን ላስገባ ነው፣ እህቴ» አለኝ። «ትንሽ ይዘገያል። ይህን ነገር አንቺ ታውቂበታለሽ አሉኝ። መጥተሽ ታስተካክይልኛለሽ?»

ፊቱን አየሁት። የሚቀልድ አይመስልም ነበር። ከልቡ ነው የጠየቀኝ፤ በእኛ መሀል የሆነ ነገር ያለ አልመሰለውም።

«ረጅም ገመድ ነው የምትፈልገው አጭር?» አልኩት።

«ረጅም።»

ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠሁት። ቴሌቪዥኑን ግን መጥቼ አላይልህም አልኩት። «ለምን?» አለኝ በጣም ገርሞት፤ እስኪወጣም ድረስ መልሴን ይጠብቅ ነበር።