ከአምስት ኪሎ በላይ አያንሳ

የመጋዘኑ ተሸካሚ «ክሬኑ» ወገቡን ተጎድቶ ሦስት ሳምንት የሕመም ፈቃድ ወሰደ። ፈቃዱ ሲያልቅ ሐኪሙ ዳግም መርምሮት ለአሠሪው ጻፈ፦ «ወደ ሥራ ይመለስ፤ ለስድስት ሳምንት ግን ቀላል ሥራ ይሰጠው። ከአምስት ኪሎ በላይ አያንሳ፣ አያጎንብስ።»

አለቃው ሚዛን አንባቢ አደረገው። ክሬኑ፣ «ሃያ ዓመት ኩንታል ተሸክሜ ወንበር ላይ ልጎለት?» እያለ ተነጫነጨ። ቤት ደግሞ ሚስቱ ባሰች፤ የደብዳቤውን ቅጂ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ባልዲ እንኳ አላስነካ አለችው።

ቅዳሜ ሴት ልጁ ጨቅላዋን አስከትባ መጣች። ክሬኑ እጁን ሲዘረጋ ሚስቱ፣ «ኧረ ወገብህን!» ብላ ጮኸች።

እሱ ግን የክትባት ካርዱን ተቀብሎ ቀስ ብሎ አነበበ።

«አራት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም! ሐኪሙ ፈቅዷል። ቶሎ በይ ልጄ፣ አምጪያት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትከለከልብኛለች።»