የአባቷ ጆሮ

ቪዲዮው የደረሰኝ በዐቢይ ጾም፣ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ገና ሳላወርድ ነው። የላከችልኝ የልጄ እጮኛ እናት ናት። አንድ ቃል አልጻፈችበትም።

ከፍቼ አየሁት። ጭፈራ ቤት ነው። ቀይና ሰማያዊ መብራት ይሽከረከራል። አንዲት ሴት ጸጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ፣ ትከሻዋን ገልጣ፣ በእጇ ብርጭቆ ይዛ ትጨፍራለች። ፊቷ የልጄ ፊት ነው።

ልጄ በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪት ናት። ቀለበት ያደረገችው ከጥምቀት በኋላ ነበር፤ ሠርጉ ደግሞ ለዳግም ትንሣኤ ተቆርጦ ነበር። እጮኛዋ ባንክ ውስጥ የሚሠራ ረጋ ያለ ልጅ ነው። አባቱና የልጄ አባት አራዳ ውስጥ አብረው ያደጉ ናቸው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በቤታችን የወንድ ድምፅ የተሰማው በዚህ ልጅ ነው። ሲመጣ አምፖል ይቀይርልናል፣ ሲሄድ ጫማውን በር ላይ ቆሞ ቀስ ብሎ ያስራል። እወደው ነበር። እግዚአብሔር ልጅ ሰጠኝ ብዬ ነበር።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ስልኩን ሰጠኋት። ቆማ አየችው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ይቺ እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ስለማውቅሽ ነዋ።»

«እሱ ላንቺ ነው» አለች። «ለነሱስ?»

ሠርጉ በዚህ ጥያቄ ላይ እንደቆመ ሁለታችንም ገብቶናል።

በማግስቱ የቀለበቱን ሥነ ሥርዓት በቪዲዮ የቀረጸው ባለሙያ ዘንድ ፒያሳ ሄድን። ፎቶ ቤቱ የነበረበት ሕንፃ ከፈረሰ ወዲህ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ፣ ላይኛው ፎቅ ነው የሚሠራው። ደረጃውን ስወጣ እያለከለክሁ ነበር።

«ማዘር፣ ቀስ ይበሉ» አለኝ ከላይ ሆኖ። «ሊፍቱም ጾም ይዟል።»

ቪዲዮውን በትልቁ ኮምፒውተር ከፈተው። አንዴ እንዳለ አየው። ከዚያ ቀስ አድርጎ፣ ምስሉን አንድ በአንድ እያስቆመ አየው። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

«ፊት ቅየራ ነው» አለ። «የሌላ ሴት ቪዲዮ ይወስዱና የእህታችንን ፊት ይደርቡበታል። የሚደርቡት ከግንባር እስከ አገጭ ያለውን ነው። ጸጉሩ፣ ጆሮው፣ አንገቱ የዚያችው ሴት ሆኖ ይቀራል።»

መጀመሪያ ያሳየን መብራቱን ነው። ቀዩ መብራት በግራ በኩል ሲመጣ የሴትዮዋ ትከሻና አንገት ይቀላል፤ ፊቷ ግን ያው ነው፣ ከፊት ለፊት የቀን ብርሃን እንዳረፈበት።

«አንገት ቀልቶ ፊት የማይቀላው ለምንድን ነው? ፊቱ ሌላ ቦታ ስለተነሳ ነው» አለ። «መዝሙር ስትዘምሩ ተቀርጾ ኢንተርኔት ላይ የወጣ አለ?»

ልጄ አለ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ለጥምቀት የወጣ ነው። ሁሉም ዘማሪ በየተራ ወደ ካሜራው አይቷል።

ቀጥሎ አገጩን አጎላው። ፊቱና አንገቱ የሚገናኙበት ቦታ በጣት የታሸ ቀለም ይመስላል። ብርጭቆው ወደ ከንፈሯ ሲጠጋ ደግሞ የብርጭቆው ጠርዝ ለቅጽበት ሟሙቶ ይጠፋል፣ አገጩም ይንቀጠቀጣል።

«አሁን ጆሮዋን እንይ» አለና ወደ ልጄ ዞረ። «ይቅርታ እህቴ፣ ነጠላሽን ትንሽ ገለጥ ብታደርጊው።»

ገለጠችው። የቪዲዮዋ ሴት የጆሮ ጫፍ ክብ ሆኖ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ረጅም ጉትቻም አድርጋለች። የልጄ ግን እንዲያ አይደለም። ሳይንጠለጠል ከጉንጯ ጋር ተጣብቆ ያልቃል። የአባቷ ጆሮ ነው። የተወለደች ቀን እሱ ራሱ አይቶት «ይቺስ አትካድም» ብሎ ስቆ ነበር።

«ይኸው፣ ሌላ ሰው ናት» አለ ባለሙያው። «ግን ማዘር፣ ብዥታውን ብቻ ይዘው እንዳይከራከሩ። ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር በራሱም ይደበዝዛል። አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም።»

ደረጃውን ስወርድ እያመሰገንኩ ነበር። ልጄም ታክሲ ውስጥ ሆና ምልክቶቹን ሁሉ ለእጮኛዋ ጻፈችለት።

እሑድ ከሰዓት ከእናቱ ጋር መጣ። እንደ ልማዱ ተነሥቼ ሳምኩት። እሱ ግን ሳይደላደል በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «የተባለውን ሁሉ አይቻለሁ። ግን የቀለበታችንንም ቪዲዮ አየሁት።»

ስልኩን አምጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ። የቀለበታቸው ቪዲዮ ነው። ልጄ በሹሩባዋና በሐበሻ ቀሚሷ ትስቃለች።

«ይኼ እውነተኛ ነው፤ እኔ ራሴ አጠገቧ ነበርኩ። ግን ይዩት። ፊቷ ከአንገቷ ይልቅ በርቷል። አገጯ ጋ ጠርዙ ብዥ ይላል። በሐሰተኛው ላይ ያላችሁት የብርሃንና የብዥታ ምልክት እውነተኛውም ላይ አለ። ታዲያ በምን እንለያቸው?»

አየሁ። እውነቱን ነው። እናቱም ቀና ብላ አየችኝ። ደነገጥኩ። ለባለሙያው ደወልኩና ሁላችንም እንድንሰማው ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ያየነውን ነገርኩት።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሙሽራ ሲሆን ፊቱን እናለሰልሰዋለን፣ እናበራዋለን። ሁሉም ሰው የሚፈልገው እንደዚያ ነው። ባላደርገው ‹አጠቆርከኝ› ተብዬ እሰደባለሁ። የቀለበቱ ቪዲዮ ላይ ፊቱን የነካካሁት እኔ ነኝ። ጆሮ ግን አልነካም። ጆሮውን እዩ።»

የቀለበቱ ቪዲዮ ላይ ሹሩባዋ ጆሮዋን ሸፍኖታል። የመዝሙሩ ላይ ነጠላዋ ሸፍኖታል። የምረቃ ፎቶዋን ከግድግዳ አውርጄ አመጣሁ፤ እዚያም ጸጉሯ ተለቆ በጉንጯ ላይ ወርዷል።

«እህቴ» አለች እናቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኛ እኮ ከቀለበቱ ቀን በቀር እሷን ያለ ነጠላ አይተናት አናውቅም።»

ይህም እውነት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትከናነባለች፤ እነሱ ቤታችን ሲመጡም ትከናነባለች። እኔ ያስተማርኳት ነው። ሰው ሁሉ በዚህ ያመሰግናት ነበር።

ልጄ የሻይ ሰርቪስ ይዛ በር ላይ ቆማ ኖሯል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ እጮኛዋ ዞረች።

«አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«ስድስት ኪሎ ስንገናኝ ጸጉሬን ጠቅልዬ ስንት ቀን ሻይ ጠጥተናል። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠህ ስንት ጊዜ ሸኝተኸኛል። ጆሮዬን አታውቀውም?»

ፊቱ ቀላ። ወደ እናቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ።

«ልብ አላልኩም» አለ።

መዋሸት ይችል ነበር። «አውቀዋለሁ» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን የሚዋሽ ልጅ አይደለም። እስከ ዛሬ ሳስበው ይህ ነው የሚያሳዝነኝ።

ልጄ ነጠላዋን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችው። ጸጉሯን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ላይ ያዘችው።

«ይምጡ እማማ» አለች እናቱን። «ለፋሲካ በግ እንደሚመርጥ ሰው ጠጋ ብለው ይዩኝ።»

«ልጄ!» አልኳት።

እናቱ ግን መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ተነሥታ ተጠጋች። ሐሰተኛውን ቪዲዮ ስልኳ ላይ ከፍታ በልጄ ጉንጭ አጠገብ ይዛ አንዴ ጆሮዋን፣ አንዴ ስልኩን አየች። ልጄ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ጸጉሯን እንደያዘች ቆመች።

«አይደለችም» አለች እናቱ። ስልኩን ጣለችውና ልጄን አቅፋ አለቀሰች። «ማሪኝ ልጄ። ሰው ሁሉ ሲያወራ ምን ላድርግ። አፈር ልብላልሽ፣ ማሪኝ።»

በእሷ አልፈርድባትም። እኔም ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ኖሮ መነጽሬን አወጣ ይሆናል። አብረን አለቀስን፣ አብረን አመሰገንን። ሠርጉ በቀኑ ይሁን ተባባልን። እሱም ቪዲዮው ለደረሰው ሰው ሁሉ እየደወልኩ እናገራለሁ ብሎ፣ ፊቱ በርቶ ወጣ። ቃሉንም ጠብቋል፤ ደውሏል። ደብራችን ውስጥ ያሉትም ሰሙ፤ ልጄን ከመዘምራኑ መሐል ተነሺ ያላት ሰው የለም። ለፖሊስ አመልክተናል። ማን እንደሠራው ግን እስካሁን አልታወቀም።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ልጄ ቀለበቱን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ አልችልም።»

«አምኖሻል እኮ።»

«ጆሮዬን ነው ያመነው» አለች። «እኔን የሚጠላኝ ሰው ነገ የተሻለ አድርጎ ይሠራዋል። መብራቱን ያስተካክለዋል፣ ጠርዙን ያጠራዋል፣ ጆሮም አይረሳ ይሆናል። ያኔ ምን አውልቄ ላሳየው?»

ሽማግሌ ልላክ ብላት እንቢ አለች። የንስሐ አባታችን አነጋገሯት፤ አዳምጠው «አታስገድዷት» አሉኝ።

እሱ መጣ። ግቢ አልገባም፤ ልጄ ወጣችለት። በር ላይ ቆመው ሲነጋገሩ በመስኮት አየኋቸው። አንገቱን ደፍቶ ሰማት። አልተከራከራትም። ቀለበቱን ስትሰጠው ተቀብሎ ኪሱ ሳይከት በመዳፉ እንደያዘው ሄደ። ምነው ትንሽ በተከራከራት ብዬ ተመኘሁ። እሷም እንደ እኔ ሳትመኝ አልቀረችም፤ ከበሩ ለመመለስ ብዙ ቆየች።

ዳግም ትንሣኤ ደረሰና አለፈ። ለሠርጉ ያስሰፋሁትን ቀሚስ ለእሑድ ቅዳሴ እለብሰዋለሁ። ልጄ ጤነኛ ናት፣ ትዘምራለች፣ ትሠራለች። ስሟ አልጠፋም። እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው። ቤት ውስጥ አምፖል ሲቃጠል ግን ጨለማውን ትንሽ እንታገሠዋለን።

አልፎ አልፎ አምስት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ አገኘዋለሁ። ከሩቅ አይቶኝ ይመጣል። ጎንበስ ብሎ ይስመኛል።

«እማማ፣ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት፣ ይመስገን።»

ሌላ አይጠይቀኝም። ቤት ና ልለው አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል፤ ቤቱ የእሷም ነው። ታክሲው እስኪመጣ አጠገቤ ይቆማል። ሲመጣ ግፊያውን በክንዱ ከልክሎ ያስገባኛል፣ በሩም እስኪዘጋ ይጠብቃል።