ለአለቃው እምቢ ያልሁበት ሁዳዴ

ለሹመኛ እምቢ ማለት ጀግንነት ነው እያሉ የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሹመኛ የሌለባቸው ናቸው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚሉት ደግሞ አንዱንም ሞክረው አያውቁም። እኔ በአንኮበር በአንዲት ደብር ብራና እየጻፍሁ የሸበትሁ ሰው ነኝ፤ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። ያወቅሁት ነገር ቢኖር እምቢታ እንደ ቆዳ ፍቀት መሆኑን ነው። እጅህ ከበረታ ይቀደዳል፤ ከለሰለሰ ጠጉሩ ይቀራል።

የደብራችን አለቃ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችግሩም ይኸው ነበር። ክፉ ሰው ቢሆኑ ጠልቻቸው ባረፍሁ። እርሳቸው ግን በጎ ነገር ሁሉ ዛሬውኑ፣ በአንድ ሰው እጅ እንዲሠራ የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። የዚያ አንድ ሰው እጅ ደግሞ የእኔ ነበር። የምበላው ከደብሩ መሬት በተሰጠኝ ቁራጭ እርሻ ነው፤ መሬቱን የሚሰጡትም የሚነሡትም እርሳቸው ናቸው።

በዚያ ዓመት በሰሙነ ሕማማት የሚነበበውን ግብረ ሕማማት እጽፍ ነበር። የመዘዞ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ጣራዋ አፍስሶ መጽሐፏ በስብሶባት፣ ያለፈውን ሰሙነ ሕማማት ካህናቱ የሚያስታውሱትን ያህል እያሉ፣ የረሱትን እየዘለሉ አሳልፈዋል። ሽማግሌዎቻቸው የተፋቀ ብራና ተሸክመው መጡ፤ አለቃም «ለሕማማት ይደርስላችኋል» ብለው ቃል ገቡ። የምገለብጠውን መጽሐፍ አለቃ ከአንድ ገዳም ተዋሱልኝ። ገዳሙ ራሱ የሚያነበው በዚያው መጽሐፍ ስለሆነ ከሆሳዕና በፊት ይመለስ ተባለ። መንገዱ ሁለት ቀን ነው። እንግዲህ ቀኑ የሚገፋ አልነበረም፤ ብዘገይ አንዲት ደብር ብቻ ሳትሆን ሁለት ቦታ ያለ መጽሐፍ ሊውል ነው።

በሁዳዴ ሁለተኛው እሑድ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ በደጀ ሰላሙ ተሰብስቦ ሳለ፣ አለቃ ከካህናቱ መካከል ጠሩኝ።

«አንተ ባለብርዕ! ደብረ ብርሃን የሰፈሩት መኰንን ፋሲካን እዚህ ይውላሉ። ዳዊት ጽፈህ ታደርስላቸዋለህ። በገጹ ራስጌ የሚሣለው ሐረግ ያማረ ይሁን።»

«እሺ ጌታዬ» አልሁ።

እሺ ያልሁት ዕብድ ሆኜ አይደለም። በሰው ፊት አለቃን እምቢ ማለት ማዋረድ ነው፤ የተዋረደ አለቃ ደግሞ ልክ ብትሆንም አይሰማህም። ሆኖም ቤት እስክገባ እሺታዬ በደረቴ ላይ እንደ ወፍጮ መጅ ከብዶ ነበር። ባለቤቴ ፊቴን አይታ ነገሩን ጠየቀችኝ። ነገርኋት።

«ዳዊትና ግብረ ሕማማት በአንድ እጅ? ስንት ጣት አለህ አንተ?»

«ነገ ጠዋት ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ጠዋት? በጾም? ሆዱ ባዶ ወደ ሆነ ሰው እምቢታ ይዘህ አትሂድ። ይብሉ፤ ውሃ ይጠጡ፤ ከዚያ ሂድ።»

ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ምክር በአንዱም አላገኘሁም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከቅዳሴ ተመልሰው ሽሯቸውን ከበሉ ወዲያ፣ የቀረውን ብራና ሁሉ በክንዴ ተሸክሜ ሄድሁ። ብቻቸውን ነበሩ። ብራናውን በፊታቸው በቁርበቱ ላይ ዘረጋሁት።

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ?»

«ለመዘዞ የገቡት ቃል ነው ጌታዬ። አርባ አራት ቅጠል ይቀረዋል። በቀን ሁለት እጽፋለሁ፤ ሃያ ሁለት ቀን። እስከ ሆሳዕና፣ ሰንበቶቹን፣ ሁለቱን በዓልና መጽሐፉ የሚመለስበትን መንገድ ሳነሣ ሃያ ስድስት ቀን አለኝ። አራት ቀን ለሕመም አስቀምጫለሁ።»

«ቅዳሜ ጻፍ። እኔ እፈታሃለሁ።»

«ነፍሴንስ ይፈቱልኛል አለቃ፤ ጣቴን ማን ይፈታዋል?»

አልሳቁም። «ትላንት በሰው ፊት እሺ ብለኸኛል» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ። ከጩኸታቸው ይልቅ ይህን ድምፅ እፈራለሁ።

«ብያለሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ በሰው ፊት ልመልስልዎት አልወደድሁም። ዛሬ የመጣሁት ቃልዎን ላፈርስ አይደለም። ሁለቱም ቃል የእርስዎ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ፋሲካ ልፈጽም ግን አልችልም። የቱን ልተው ይበሉኝና እተወዋለሁ።»

ብራናውን አዩት። መዘዞን ተው ለማለት አፋቸው እንደማይሞላ አውቅ ነበር፤ እርሳቸውም ማወቄን አወቁ። በጥበበኝነቴ አልኮራሁም። ሰውን ጥግ አስይዞ ዝም ማለት ወዳጅን ጠላት የሚያደርግ ነገር ነው። ስለዚህ የማምለጫ በር ይዤ ሄጄ ነበር።

«ዳዊቱ ለጰራቅሊጦስ ይደርሳል። ለፋሲካ ደግሞ የመጀመሪያዋን ጥራዝ፣ ስምንት ቅጠል፣ ሐረጓን አሳምሬ አደርሳለሁ። ሌላው ይቀጥላል ብለው ይስጧቸው። የተቀበለ ሰው ይረሳል፤ የሚጠብቅ ሰው ግን በየሳምንቱ ስምዎን ያነሣል።»

 ከጢማቸው ስር ፈገግታ የመሰለ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«አንተ ሰው፣ ጸሐፊ ሳይሆን የፍርድ ቤት ጠበቃ መሆን ነበረብህ። ስምንቱን ቅጠል በምን ቀን ትጽፋለህ?»

«ለሕመም ባስቀመጥኋቸው በአራቱ።»

«ብትታመምስ?»

«አልታመምም።»

ትንቢት የምናገረው እምብዛም ነው፤ ከዚያ ወዲያም አልሞከርሁም።

ጥራዟን ጽፌ ጨረስሁ፤ አማረች። አለቃ በየሰዉ እየዞሩ «የመዘዞው ይቅደም ያልሁት እኔ ነኝ» ይሉ ጀመር። ባለቤቴ ተናደደች። እኔ ተውኋቸው። ምስጋናውን ለእርሳቸው ሰጥቼ ቀኖቼን ማስቀረቴ ርካሽ ግዢ መስሎ ታየኝ፤ ለእምቢታ የሚከፈለው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይከብዳል።

በስድስተኛው ሳምንት ከጣርማ በር በኩል የወረደ ብርድ መታኝ። ከዓርብ እስከ እሑድ ሦስት ቀን ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ስነሣ ዓይኔ ከመጽሐፉ ወደ ብራናው፣ ከብራናው ወደ መጽሐፉ በተመላለሰ ቁጥር መስመሩን ይስት ነበር። አንድ መስመር ዘልዬ ፋቅሁ፤ ደግሜ ዘለልሁ፤ ደግሜ ፋቅሁ። ከቀትር በኋላ ብርዑን አስቀምጬ ግድግዳውን አየሁ። ስምንት ቅጠል ቀርቷል፤ ለመጻፍ የቀረኝ ግን ከዚያ ቀን ሌላ ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

አለቃ ቤቴ መጡ። እንደሚወቅሱኝ ጠብቄ ነበር። የመጡት ለወቀሳ ቢሆን ኖሮ አያስገርመኝም ነበር፤ «አልታመምም» ያልሁት እኔ ነኝ። ቆመው አዩኝ፤ የፋቅሁትን ገጽ አዩ። ከዚያ ካባቸውን ሰብስበው ከፊቴ በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ መጽሐፉንም ከአትሮንሱ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«እኔ ላንብብ፤ አንተ ዓይንህን ከብራናው አታንሣ» አሉ።

ማንበብ ጀመሩ። ሲያነቡም እንደሚያዝዙት ነው፤ አንዱ ቃል ሳይደርቅ ሌላውን ያዘንባሉ። ሁለት መስመር ተከተልኋቸው። በሦስተኛው ብርዑን ከብራናው አነሣሁ።

«ቀስ ይበሉ አለቃ። በዚህ ፍጥነት አልችልም።»

ቀና ብለው አዩኝ። ባለቤቴም ከጓዳ አንገቷን አወጣች። ከዚያ ጣታቸውን በገጹ ላይ ወደ ኋላ መልሰው፣ ያንኑ መስመር ከመጀመሪያው፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብለው አነበቡልኝ። እንዲህ እያልን በሦስተኛው ቀን ምሽት ላይ የመጨረሻውን ቅጠል ጻፍሁ። የገዳሙ መጽሐፍ በቀኑ ሄደ። የመዘዞ ሰዎችም ገና ያልተሰፉትን ጥራዞች በነጠላ ጠቅልለው ይዘው ወጡ። የስቅለት ዓርብ ንባብ መስመሮች ትንሽ ጠማማ ናቸው፤ አላረምኋቸውም። ደክሞኝ ነበር።