ስሙን የማይጽፈው ሁንዴ

ሁንዴ በአቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ክፍል መካኒክ ነበር። ድሬዳዋ የሚወርደው ባቡር ሲጮህ የክፍሉ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ግን ከማሽኖቹ ጩኸት የተነሣ የባቡሩን ከሰማ ዓመታት አልፈዋል። የፈለገው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ነባሩ ፎርማን በጡረታ ሊወጡ ነው፤ ቦታቸውን ይፈልገዋል። በግልጽ ለማንም አልተናገረም እንጂ ከዳሲቱ፣ ከሚስቱ ጋር፣ ጉዳዩን ካለቀ ነገር ቆጥረውት ነበር።

ጽሕፈቱ ስለሚያምር የክፍሉ የዕለት ሥራ መዝገብ በእሱ እጅ ነው። ፈረቃው ሲያበቃ የትኛው ማሽን እንደቆመ፣ ለምን እንደቆመ፣ ምን እንደተደረገለትና ማን እንደሠራው ይጽፋል፤ የክፍሉ ኃላፊ አቶ አሻግሬ ያነቡና ይፈርሙበታል። ወርሃዊውን ሪፖርት የሚያዘጋጁት፣ በየመንፈቁ ለሠራተኛው የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሰጡትም ይህንኑ መዝገብ እያገላበጡ ነው። ሁንዴ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ጣጣው ሌላ ነው። «ሁንዴ ሠራው» ብሎ በገዛ እጁ መጻፍ ነውር ይመስለዋል። ሰው ራሱን ሲያሞግስ የሚሰማው ያፍርለት የለም ወይ? ስለዚህ ኩሽኔታ ሲቃጠል ማሽኑን ፈትቶ፣ አዲሱን አስገብቶ፣ አስተካክሎ ሲያስነሣ «ያደታ ኩሽኔታ ቀየረ» ይላል፤ ረዳቱ ያደታ መፍቻ አቀብሎታላ! ብቻውን የሠራው ቀን ደግሞ «ማሽኑ ተስተካክሎ ተነሣ» ብሎ ይዘጋዋል። ማን አስነሣው? በራሱ ጊዜ ተነሣ።

የመንፈቁ ውጤት ሲለጠፍ በነጥብ በልጦ ፎርማን የሆነው ያደታ ነበር።

ሁንዴ ቱታውን ሳያወልቅ አቶ አሻግሬ ቢሮ ገባ። «አቶ አሻግሬ፣ ያደታን ሥራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ዓይንዎ እያየ ነው!»

«አይቻለሁ» አሉ አቶ አሻግሬ፣ ቅር እያላቸው። «ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ‹አይቻለሁ›ን አይቀበልም። የትኛውን ማሽን፣ መቼ፣ ምን አደረገ ይለኛል። እስቲ አንተው ንገረኝ፤ ባለፈው ኅዳር ምን ሠራህ?»

ሁንዴ አፉን ከፈተ። ኅዳር... መወርወሪያዎቹ ያስቸገሩት ኅዳር ነው ወይስ ታኅሣሥ? ሌሊቱን ሙሉ የለፋበት ቺንጋ የየትኛው ማሽን ነበር? ንዴቱ እስከ ጆሮው ወጣ፤ የሠራውን ሥራ እሱ ራሱ ረስቶታል።

አቶ አሻግሬ መዝገቡን ገፋ አደረጉለት። «ስምህን ፈልግ። አንድ ጥሩ ሥራ ካገኘህበት ዛሬውኑ አቤቱታህን ይዤ እሄዳለሁ።»

ሁንዴ ቆሞ አገላበጠ። ያደታ። አደሴ። ያደታ። ፈየራ። የክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ በእሱ ቆንጆ ጽሕፈት ተደርድረዋል። «ተስተካክሎ ተነሣ» የሚለው ደግሞ በየገጹ ሞልቷል። በመጨረሻ የራሱን ስም አገኘ። የካቲት ውስጥ ነው፤ እሱ በሌለበት አደሴ የጻፈችው። «ሁንዴ ታሞ ቀርቷል» ይላል።

«ይኸው» አለ ሁንዴ በመራራ ሳቅ። «አንድ ቀን አለሁ።»

«እሷን ቀሪ ብዬ ይዤብሃለሁ» አሉ አቶ አሻግሬ፣ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው።

«ታዲያ አሁን ልጨምርበት! እውነት አይደለም ወይ?»

«እውነት ነው። ግን በየገጹ ፈርሜበታለሁ። ከፈረምኩ በኋላ ስም የሚገባበት መዝገብ ከሆነ፣ የአንተንም የሌላውንም ማን ያምነዋል?»

ማታ ዳሲቱ ነገሩን ሰምታ አላባበለችውም። «የሰውን ስም ስትጽፍ እጅህ አልዛለም፤ የራስህ ሲሆን ነው የሚከብድህ?» አለችው። ሁንዴ በአቶ አሻግሬ ተናደደ፣ በያደታ ተናደደ፣ ከሁሉም በላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ ተናደደ።

በነጋታው የአንዱ ማሽን ቺንጋ ተበጠሰ። ሁንዴ ቀየረው፤ ያደታ አጠገቡ ቆሞ መፍቻ አቀበለው። ልጁን አዲሱ ሹመት አሳፍሮታል፤ ቀና ብሎ አላየውም።

ፈረቃው ሲያልቅ ሁንዴ መዝገቡን ገለጠና የማሽኑን ቁጥር፣ የቆመበትን ምክንያት ጻፈ። ከዚያ ብዕሩ ቆመ። ፊቱ ጋለ፤ የሚያየው ሰው እንዳለ ዞር ብሎ አየና እንደ ሌባ ቶሎ ብሎ ጻፈው፦ «ሁንዴ ቺንጋ ቀየረ። ያደታ ረዳው።» ጽሕፈቱ እንደወትሮው አላማረም።

አቶ አሻግሬ አሁን መዝገቡን በፎርማኑ በኩል ነው የሚቀበሉት። ያደታ ወስዶ አነበበውና ከሥሩ ፈረመ።

«ትክክል ነው ጋሽ ሁንዴ» አለ።

ሁንዴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ትክክል መሆኑንማ ድሮም ያውቃል፤ ፎርማን ሆኖ የፈረመለት ግን ያስተማረው ልጅ ነው።