የእማማ መሰላል ጣቶች

እናቴን ሰፈሩ «እማማ መሰላል» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ጎረቤቶች ናቸው፤ ስልኳ ላይ ቁጥሩን መትታ መጨረሻ ላይ መሰላል የሚመስለውን ምልክት (#) ስትጫን ድምፁ ከግቢው በር ድረስ ይሰማል እያሉ። አጋነዋል፤ ግን ብዙም አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ በአውቶቡስ ጣቢያ መስኮት ጀርባ ትኬት ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። ጣቶቿ ከአፏ ይቀድማሉ፤ አፏም ቢሆን በዝግታ የሚታማ አይደለም።

ስልኳ ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ናት፤ ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረ። በጣት የሚነካ ስልክ ሁለት ጊዜ ገዝቼላታለሁ። አንዱን ለአክስቴ ሸለመችው፤ ሌላውን «ይተኛ» ብላ መሳቢያ ውስጥ አስተኛችው። «እኔ የማየው ፊልም የለኝም። ሂሳቤን ካየሁ፣ ውኃና መብራቴን ከከፈልኩ ምን ጎደለኝ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ በየወሩ የሚታደስ መተግበሪያዬን ይዤ ኋላ ቀር ናት ብዬ እስቅባት ነበር።

ሳቄን ያስዋጠኝ ኢንተርኔት የጠፋበት ሳምንት ነው። የውኃ ክፍያ ማብቂያው ደርሷል፤ የእኔ መተግበሪያ ክብ ነገር እያዞረ ያላግጥብኛል። ስልኬን ወደ ሰማይ አንስቼ ግቢውን ዞርኩት፤ ምንም የለም። እናቴ በረንዳ ላይ ወንበሯን አውጥታ ተቀመጠች። ኮከብ፣ ሦስት ቁጥር፣ መሰላል፤ ደወለች። ዝርዝሩ መጣላት። አራትን፣ ቀጥላ ሁለትን፣ የደንበኛ ቁጥሩን፣ ከዚያ የሚስጥር ቁጥሯን መታች። የማረጋገጫ መልእክቱ ሲገባ ቀና ብላ «ቀጣይ!» አለች፤ ልክ እንደ ትኬት መስኮቷ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ በራችን ላይ ተሰልፎ ነበር። ባለትላልቅ ስልኮቹም ጭምር፤ እኔም በሰልፉ ውስጥ።

ነገሩ ስለከነከነኝ ጥግ ላይ ስልክ የሚጠግነውን ሰው ጠየቅሁት። ሰፈሩ «ዶክተር» ነው የሚለው።

«ኢንተርኔት ሳይኖር እንዴት ይከፍላል?»

«ሰው ሲደውልልሽ ስልክሽ ከመጥራቱ በፊት እየተደወለልሽ መሆኑን በምን ያውቃል?» አለኝ፣ ከመነጽሩ በላይ እያየ። «ስልክና አንቴና ሁልጊዜ የሚነጋገሩበት መንገድ አላቸው። ስልኩ እዚህ ነኝ ይላል፣ አንቴናው ጥሪ መጣልህ ይለዋል። የእናትሽ ኮድ የሚሄደው በዚያ ነው። ኢንተርኔቱ ሌላ መንገድ ነው፤ ቢዘጋም ያኛው ክፍት እስከሆነ ድረስ ይሠራል። መደወል የሚያስችል አንቴና ካለ በቂ ነው።»

«አንቴናውም ከጠፋ?»

«ያኔ እማማ መሰላልም ከእኛ እኩል ይሆናሉ።»

ለእናቴ ስነግራት አልገረማትም። «ድሮስ!» አለች።

መርሳት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ወጡ ሁለት ጊዜ ጨው ይገባበት ጀመር። ቀጥሎ የጎረቤቶቹ ስም ጠፋት። አንድ ቀን ማታ ስለ ሞተው አባቴ «ዛሬ ደግሞ የት አመሸ?» አለችኝ፤ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የወሰድኳት ሐኪም ወደ ኋላ የሚመለስ በሽታ አይደለም አለኝ። ደህና ሰው ነው፤ ግን እንዲህ በቀጥታ መናገሩን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ጣቶቿ ግን አልረሱም። በየወሩ «እማዬ፣ ውኃ እንክፈል» ብዬ ስልኳን እጇ ላይ ሳስቀምጥላት ወገቧ ይቀናል። ዓይኗ የስልኩን ማያ አያይም፤ ድሮም አይታው አታውቅም። ዝርዝሩ ብቅ ሲል አራት፣ ብቅ ሲል ሁለት። ሳታነብ፣ ሳትጠይቅ ትጨርሰውና «ቀጣይ!» ትለኛለች። ያቺ ደቂቃ እናቴ የምትመለስልኝ ደቂቃ ነበረች። ሌላውን ቀን ሁሉ የምችለው ያቺን ደቂቃ እየጠበቅሁ ነበር። ውኃ በሳምንት ይከፈል ቢባል ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ወር አራትን መታች፣ ሁለትን መታች፣ የደንበኛ ቁጥሩን አስገባች። ስልኩ «የጠየቁት ብድር ከተፈቀደልዎ በላይ ነው» ብሎ ዘጋ። ምን ብድር? እኔ ራሴ ኮዱን ደውዬ ዝርዝሩን አነበብኩት። አራተኛው ላይ ብድር ተቀምጧል፤ የደንበኛ ቁጥሩንም የምትበደረው ብር አድርጎ ቆጥሮታል። የውኃና የመብራት ክፍያው ወደ ስድስተኛ ቁጥር ወርዷል።

ስልኳን ይዤ ወደ ስልክ ጠጋኙ ዶክተር ሮጥኩ። ሰው እጁን ተቆርጦ የሚሮጠውን ያህል ሮጥኩ ብል አላጋነንኩም።

«የድሮውን ዝርዝር መልስልኝ» አልኩት። «ያለህን ሁሉ አድርግ፣ ብቻ መልሰው።»

ስልኳን ገልበጥ አድርጎ ላስቲኩን አየና መልሶ እጄ ላይ አኖረው። «እዚህ ውስጥ የለም እኮ።»

«እንዴት የለም? ዓመት ሙሉ እዚሁ ሲመጣ አይደል?»

«ሲመጣ ነዋ፤ የሚመጣ ነገር ነው። ዝርዝሩ ያለው ክፍያውን በሚያስተላልፈው ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮዱን ስትመቺ ከዚያ ጽሑፍ ይላካል፣ ስልኩ ያሳያል፤ ቁጥር ስትመልሺ ቀጣዩ ይላካል። መስመሩ ሲዘጋ ስልኩ ምንም አያስቀምጥም። እነሱ እዚያ ሲቀይሩት የሁሉም ሰው ስልክ ላይ ተቀየረ ማለት ነው። እኔ ምኑን ልፍታው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኅቴ፣ ብችል ሱቄን ዘግቼ እሠራልሽ ነበር።»

ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። አንድ ትሑት ወጣት አገልግሎቱ ለደንበኞች ምቾት መሻሻሉን ነገረኝ። «ለየትኛዋ ደንበኛ?» አልኩት። ጮኼበታለሁ፤ ልጁ ምን አጠፋ? ግን የምጮኽበት ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ቤት ተመልሼ ላስተምራት ሞከርኩ። ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አሁን ስድስት ነው። አራት አይደለም፤ ስድስት።»

«ስድስት» አለች፣ እሺ ብላ።

ኮዱን ደወለች፤ ዝርዝሩ መጣ። አውራ ጣቷ አራት ላይ አረፈ። እንደገና ሞከርን። «ስድስት» እያለች አራትን መታች። በሦስተኛው ጣቷን ያዝ አድርጌ ወደ ስድስት ልወስደው ስል እጇን መነጨቀችኝና ትክ ብላ አየችኝ። ዝርዝሩም መልስ ሲያጣ በራሱ ጊዜ ተዘጋ፤ ረጅም ጊዜ አይጠብቅም። ድጋሚ ሞከረች። አራት፣ ሁለት፣ የደንበኛ ቁጥር። ብድር ከተፈቀደልዎ በላይ ነው።

ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ሁለቱን እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። አላለቀሰችም። እናቴ ወረፋ የያዘ ሰው ፊት አታለቅስም።

ከዚያ ፊቷ ተረጋጋ። ስልኩን አንስታ ለእኔ ዘረጋችልኝ፤ በጨዋ ደንብ፣ በሁለት እጇ።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «እኔ ዛሬ አልሆነልኝም። ቤትሽ ሂጂና ለእናትሽ ስጪያት። እሷ ታውቅበታለች፤ ወዲያው ትጨርስልሻለች።»

ስልኩን ተቀበልኳት።

«እሺ» አልኳት፣ «እሰጣታለሁ።»