እጅጌ ያለው ጋቢ በአሥር ደቂቃ

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የኢንተርፕረነርሺፕ መምህርታችን በቡድን ከፋፈሉንና አንድ ሥራ ሰጡን። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚሸጥ አዲስ ምርት ማሰብ፣ ናሙናውን መሥራት፣ ከዚያ ክፍሉ ፊት ቆሞ በአሥር ደቂቃ ማሳመን። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው ግን እንዲህ አሉ፦

«ገዢያችሁን የምታናግሩት በራሱ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ አቅርቡ። የምትናገሩትን ደግሞ ቃል በቃል ጽፋችሁ ትሰጡኛላችሁ። እናንተ ስትናገሩ እኔ ከወረቀቱ ላይ እከታተላለሁ።»

ቡድናችን ሦስት ሰው ነበረው። እኔ የላሊበላ ልጅ ነኝ። አንዷ ዶርም የምንጋራ የብልባላ ልጅ ናት። ሦስተኛው የወገል ጤና ልጅ፣ ቁመቱ ረጅም፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ። ሦስታችንም ብርድ እያወቅን ነው ያደግነው፤ ዩኒቨርሲቲያችን ያለበት ደጋ ግን ከጋሸና ወዲያ ነውና ከእኛም አገር ይብሳል። ምሽት ላይ ቤተ መጻሕፍት የገባ ሰው ጋቢ የደረቡ ትከሻዎችን ብቻ ነው የሚያየው። ጋቢ ደግሞ ለብሰው ሲቀመጡ እንጂ ሲጽፉ አይመችም። እጅ ሲወጣ ከትከሻ ይንሸራተታል፤ ትከሻ ሲሸፈን እጅ ይታሰራል። ጃኬት የለበሰውም ቢሆን ጉልበቱ ይበርደዋል።

«እጅጌ ቢኖረውስ?» አልኩ አንድ ቀን፣ ጋቢዬን ለስንተኛ ጊዜ እየሰበሰብኩ። ነገሩ ከዚያ ጀመረ።

እናቴ ላሊበላ ልብስ ሰፊ ናት። ለገና ቤት ስሄድ አዲስ ጋቢ ይዤላት ገባሁና እጅጌ እንዲኖረው ቁረጪልኝ አልኳት። መቀሱን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ጋቢ ይቀደዳል እንዴ፣ ልጄ? የሸማኔው እጅ አያሳዝንሽም?»

«ሰው ሊለብሰው ነው፣ እማዬ። እሱም እንዲለበስ ነው የሸመነው።»

ትንሽ አሰበችና ቆረጠችው። የተቆረጠው ጫፍ ወዲያው መተርተር ጀመረ፤ ዙሪያውን በጨርቅ ከፍፋ ሰፋችው። ገላው እንደ ማንኛውም ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ ቀረ፤ እጅጌውን ግን ክንድ እንዲታጠፍ በሁለት ድርብ አደረገችው። ከፊት ለስልክ የሚሆን ኪስ፣ ከኋላ ቆብ ጨመረችበት። ያን ልብስ ይዤ ስመለስ ዶርማችን ውስጥ ያሉ ልጆች እየተቀባበሉ ለበሱት፤ ከዚያ ወደ ወንዶቹ ሄደ። የለበሱት ሁሉ ሲመልሱ ምን እንደተመቻቸውና ምን እንዳልተመቻቸው እንጠይቃቸው ነበር። ሙቀቱን ሁሉም ወደደው። ሁሉም ማለት ይቻላል ያማረረው ደግሞ አንድ ነገር ነበር፤ ከታጠበ ቶሎ አይደርቅም።

በሴሚስተር እረፍት ሁለቱ ጓደኞቼ ላሊበላ እኛ ቤት መጡ፤ ስክሪፕቱን ልንጽፍ ተቀመጥን። መጀመሪያ የጻፍነው አሁንም ያስቀኛል። አንቀጹን በእንግሊዝኛ እናስብና ወደ አማርኛ እንገለብጠዋለን። «ምርታችን የተማሪዎችን የምቾት ፍላጎት ለማሟላት ያለመ ፈጠራ ነው» ይላል አንዱ ዓረፍተ ነገር። ታላቅ ወንድሜ የአብያተ ክርስቲያናቱ አስጎብኚ ነው። ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሲሰማን ቆየና፦

«ይሄን ለማን ነው የምትነግሩት?» አለ።

«ለክፍላችን ልጆች።»

«እንደዚህ ባለ አማርኛ ነው እንዴ ከእነሱ ጋር የምታወሩት?»

ስልኩን አወጣና «እስኪ አንብቡት፣ ልለካላችሁ» አለ። አሥር ደቂቃው ሲያልቅ ገና የጋቢን ታሪክ እየተናገርን ነበር፤ ልብሱን አላሳየንም። ወንድሜ ሳቀ። እሱ እንግዳ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚናገረው ሰውየው በዓይኑ እያየ ስላለው ነገር እንደሆነ፣ ንጉሡም ዘመኑም ቀስ ብለው እንደሚመጡ ነገረን። ምክሩን ወደድኩት። ወዲያው ደግሞ መሃል ላይ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ አንድ አንቀጽ እንድናስገባ ፈለገ።

«የላሊበላ ልጅ መሆንሽን ይወቁ እንጂ!»

«አይሆንም» አልኩት። «እኛ የምንሸጠው ልብስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን አንተ አስጎብኝ።»

ተቀየመኝ፤ ግን ሰዓት መለካቱን አልተወም።

ሁሉንም ቀደን እንደ አዲስ ጀመርን። ወረቀቱን ለሁለት ከፈልኩት፤ በቀኝ በኩል የሚባለው፣ በግራ የሚደረገው። የመጀመሪያው መስመር ጥያቄ ሆነ፦ «ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጋቢያችሁ ሳይንሸራተት አንድ ገጽ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ?» በግራ በኩል «መልስ እስኪሰጡ ዝም በይ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ችግሩ፣ ከዚያ ልብሱ ሲለበስ፣ ከዚያ ሞክረው ያዩት ሰዎች ምን እንዳሉ፣ ጋቢና ጃኬት ምን እንደሚጎድላቸው፣ እንዴት እንደምንሠራው፣ ዋጋው ከምን እንደመጣ፣ መጨረሻ ላይ ከእነሱ የምንፈልገው፦ ለመጀመሪያው ዙር እንዲያዙን። መክፈቻውና ልብሱ የእኔ ድርሻ ሆነ፤ የልብሱ ሞዴል የወገል ጤናው ልጅ፤ አሠራሩና ዋጋው የጓደኛዬ።

የተጣላነው በአንድ አንቀጽ ነው። ቶሎ አለመድረቁን ስክሪፕቱ ውስጥ አስገባሁት።

«አብደሻል?» አለ የወገል ጤናው ልጅ። «ራሳችን ላይ እንመስክር? ማርክ እንዲቀነስብን ነው?»

«የለበሱት ልጆች እኮ እዚያው ክፍል ውስጥ ናቸው። እኛ ዝም ብንል እነሱ ይናገሩታል።»

«ከተጠየቅን እንመልሳለን።»

«ተጠይቀን ስንመልስ የደበቅን እንመስላለን። ቀድመን ስንናገር የምናውቅ እንመስላለን። ደግሞም እናውቃለን።»

የብልባላዋ ጓደኛዬ ልብሱን ገልብጣ እያየች «የሚቆሽሸው እኮ እዚህና እዚህ ነው» አለች፤ የእጅጌውን ጫፍና አንገትጌውን አሳየችን። እውነቷን ነበር። ገላው ንጹሕ ነው፣ ክንዱ የሚያርፍበትና አንገት የሚነካው ብቻ ጠቁሯል። እነዚህ በቁልፍ የሚፈቱ ቢሆኑ ሙሉ ልብሱ በየጊዜው መታጠብ የለበትም። ሦስታችንም ተነሥተን እናቴ ጋ ሄድን። ችግሩን ከነመፍትሔው ስክሪፕቱ ውስጥ አስቀመጥነው፤ የወገል ጤናው ልጅም «እንዲህማ ከሆነ ይግባ» አለ። አዲሱን አንገትጌ እናቴ ሰፍታ ስትጨርስ የመጨረሻውን ልምምድ አደረግን። ጊዜ ተረፈን። እኔም የተረፈውን ለመሙላት መዝጊያ የሚሆን ያማረ አንቀጽ ጻፍኩ፤ ስለ እኛ ትውልድ፣ ስለ አባቶቻችን ልብስ፣ ስለ ነገ። በጣም ነበር የወደድኩት።

ቀኑ ደረሰ። ስክሪፕቱን ለመምህርታችን አስረከብን፤ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እስክሪብቶ ያዙ። ተራችን ሲደርስ ወጥቼ ቆምኩ። የምናገረውን አውቀዋለሁ።

«ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጋቢያችሁ ሳይንሸራተት አንድ ገጽ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ?»

ዝም አልኩ። ከኋላ አንዱ «ኧረ በፍጹም!» አለ። ክፍሉ የእኛ ሆነ።

የወገል ጤናው ልጅ ልብሱን ለብሶ ከበር ገባ። እዚህ ድረስ ሁሉ ነገር እንደተጻፈው ነበር። እሱ ግን እንደተጻፈው ቆቡን ሲደፋ፣ በዚያ ቁመቱ፣ በዚያ ነጭ ልብስ፣ መነኩሴ ቁጭ። አንዲት ልጅ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «አባ፣ ይፍቱኝ!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ዝም ማለት ሲገባው እጁን ዘርግቶ «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ» አላት። ሳቁ አልቆም አለ። መምህርታችንም እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሰዓቱን አየሁ። ከስክሪፕታችን ላይ ጊዜ እየተበላ ነበር። ከሳቁ ጋር መታገል እንደማያዋጣ ገባኝ። «አባ ብርድ አይነካቸውም፤ እጃቸውም ነጻ ነው፤ እስኪ ይጻፉ» አልኩና ደብተር ሰጠሁት። እሱም ቆሞ ጻፈ፤ ልብሱ ከትከሻው አልወረደም። ይህ በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ሳቁ ግን ቀስ ብሎ ወደ ማየት ተለወጠ።

ስለ መድረቁ ስናገር፣ ናሙናውን ከለበሱት ልጆች አንዱ ጓደኛውን በክርኑ ሲነካው አየሁ፤ ሊጠይቅ አስቦ የነበረውን ቀድመን ተናገርነው። የእጅጌው ጫፍ በቁልፍ ሲፈታ ብዙዎች ወደፊት ተጠጉ። ጓደኛዬ ዋጋው ከጨርቁ፣ ከስፌቱና ከማጓጓዣው እንዴት እንደተሠራ ስትጨርስ መምህርታችን አንድ ጣት አነሡ፤ አንድ ደቂቃ ቀርቷል ማለት ነው። የምወደው መዝጊያዬ በዚያ ደቂቃ አይነገርም። ጓደኛዬ ዓይን ዓይኔን አየች። መዝጊያውን ዘለልኩት።

«ለመጀመሪያው ዙር ለማዘዝ የሚፈልግ ከክፍል ስንወጣ ያናግረን። መሞከር የሚፈልግም ይሞክር። እናመሰግናለን።»

ከጭብጨባው በኋላ የመጀመሪያውን ጥያቄ መምህርታችን ራሳቸው አነሡ።

«ምርታችሁ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው ብላችኋል። ቆላ ባለ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪስ ለምን ከእናንተ ይገዛል?»

የወገል ጤናው ልጅ ቀጭን ጨርቅ ስለመጠቀም ሊጀምር ሲል ቀደምኩት።

«ከእኛ አይገዛም፣ መምህር። ለእሱ አልሠራነውም። እኛ የሠራነው ለሚበርደው ተማሪ ነው።»

ወረቀቱን ገለጡና «እንግዲያው ሁለተኛው ገጽ ላይ ‹ለመላው የአገሪቱ ተማሪ› የሚለውን ሰርዙት» አሉ። ለካ ከድሮው ረቂቅ የተረፈች አንዲት ሐረግ ነበረች። «መልስሽ ከጽሑፍሽ ይሻላል።» በዚያች ሐረግ ማርክ ቀነሱብን፤ ይገባናል። የዘለልኩትን መዝጊያ ግን ወረቀቱ ሲመለስልን ራሳቸው በእስክሪብቶ አስምረውበት «በመዝለልሽ ጥሩ አደረግሽ» ብለው ጽፈውበት አገኘሁት። እንደ ሙገሳ ወሰድኩት፤ ትንሽም አሳዘነኝ።

ከክፍል ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ልብሱን ለመሞከር ሰው ተሰለፈ። አንዷ ቆቡ ይቅርልኝ አለች፤ አንዱ ቆቡ ከሌለማ አልፈልግም አለ። ጓደኛዬ ያዘዙትን ሰዎች እየመዘገበች፣ የወገል ጤናው ልጅ ያላመነውን ሁሉ እያለበሰ እዚያው ቆየን፤ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ አመለጠን።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ መክፈቻው፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ ቆላው ጥያቄ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ፦

«ስፌቱን አዩት?» አለች።

«አዩት፣ እማዬ።»

«ገልብጠው?»

«ገልብጠው። አንዷማ ማን እንደሰፋው ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«እናቴ ናት አልኳት።»

ከዚያ ስንት እንደታዘዘ ጠየቀችኝና ነጭ ክር ከየት እንደምታገኝ ማሰብ ጀመረች፤ እኔም አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብላ ስታስብ አዳመጥኳት።